ዱላ የያዘችው ልጅ

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በጥቅምት፣ ሰሊጥ በሚታጨድበት ሰሞን አብደራፊ ነበርን። ከደጋው ለአጨዳ የወረደው የቀን ሠራተኛ ከተማዋን ሞልቷታል፤ እኛ የሄድነውም የእሱን ኑሮ ለመጻፍ ነበር። ቅዳሜ ነው፣ ትምህርት የለም። ካረፍንበት ግቢ ፊት ለፊት ግን አምስት ስድስት ልጆች ተሰብስበው «ትምህርት ቤት» ይጫወታሉ። ቲቸር የሆነችው የስምንት ዓመት ገደማ ልጅ ናት። በእጇ የሰሊጥ አገዳ ይዛለች። አንዱ ትንሽ ልጅ ዘግይቶ መጣና ሳይጠየቅ እጁን ዘረጋ። «የት ነበርክ?» አለችው፣ ድምጿን አወፍራ። «ማሳ።» ሁለቴ መታችው። የተቀመጡት ልጆች ወዲያው ጸጥ አሉ፤ አንዷማ እጇን ብብቷ ውስጥ ሸሸገች።

እየሳቅን ሳለ የእውነተኛው ትምህርት ቤት መምህር በመንገዱ አለፉ። ልጅቷ አገዳውን ከኋላዋ ደበቀችና «ደህና ዋሉ ቲቸር» አለች። እሳቸው ካለፉ በኋላ ትምህርቱ ቀጠለ።

ይህን ስናይ ዩኒቨርሲቲ ሳለን የተማርነው አንድ ጥናት ትዝ አለን። ያኔ ለፈተና ሸምድደን የረሳነው ነው፤ አገዳዋ አስታወሰችን።

አጥኚው አልበርት ባንዱራ ይባላል፣ በ2021 እ.ኤ.አ. ያረፈ የስነ ልቦና ሊቅ። በ1961 እ.ኤ.አ. ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መዋዕለ ሕፃናት 72 ልጆችን ይዞ ያደረገው ሙከራ ዝነኛ ነው። ቦቦ የሚሉት፣ በአየር የተነፋ፣ ቢመቱት ተመልሶ የሚቆም አሻንጉሊት አለ። አንድ አዋቂ ይህን አሻንጉሊት ሲደበድብ ያዩ ልጆች በኋላ ራሳቸው ሲደበድቡት ታዩ፤ የአዋቂውን ቃላት ሳይቀር ደገሙ። ማንም አላስተማራቸውም፣ ማንም አልሸለማቸውም። በዚያ ዘመን ብዙዎቹ የመስኩ ሰዎች ልጅ የሚማረው ራሱ ሲያደርግና ራሱ ሲሸለም ወይም ሲቀጣ ነው ይሉ ነበርና ነገሩ አስደነቀ።

ለእኛ ግን ዋናው በ1965 እ.ኤ.አ. የታተመው ሁለተኛው ነው። አሁን 66 ልጆች አንድ አጭር ፊልም ያያሉ። ፊልሙ ላይ ሰውየው ቦቦን አፍንጫውን በቡጢ ይመታል፣ በመዶሻ ይቀጠቅጣል፣ ይረግጣል፣ ኳስ ይወረውርበታል። እዚህ ድረስ ለሁሉም አንድ ነው። ልዩነቱ መጨረሻው ላይ ነው። ከልጆቹ አንድ ሦስተኛው ሰውየው «ጀግና» ተብሎ ከረሜላና ለስላሳ ሲሰጠው ያያሉ። ሌላው ሦስተኛ ሰውየው ተሰድቦ፣ በተጠቀለለ መጽሔት ሲገረፍ ያያል። (የሚቀጣውም ሰው በመምታት ነው የሚቀጣው፤ ይህን ልብ ብለን አልፈናል።) ለቀሩት ፊልሙ እዚያው ያበቃል፣ ሽልማትም ቅጣትም የለም።

ከዚያ ልጆቹ አንድ በአንድ አሻንጉሊቱ ያለበት ክፍል ገብተው አሥር ደቂቃ ይጫወታሉ። ሰውየው ሲቀጣ ያዩት ከሌሎቹ ያነሰ ነገር ኮረጁ። በሌላው ላይ የደረሰው ሽልማትና ቅጣት ራስህ ላይ እንደደረሰ ሆኖ ሲሠራ ማለት ይህ ነው። የአብደራፊዋ ልጅም ያልተመታች እጇን የሸሸገችው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ ዱላ ወዳዶች ደስ ባላቸው፤ «ይኸው፣ አንዱን ብትመታ ሌላው ይማራል» ይሉ ነበር። ባንዱራ ግን አላቆመም። ተመራማሪዋ ወደ ክፍሉ ተመልሳ ለልጆቹ አንድ ነገር ነገረቻቸው፤ ሰውየው ያደረገውን አድርጋችሁ ካሳያችሁ ለእያንዳንዱ ድርጊት ተለጣፊ ሥዕልና ጭማቂ ታገኛላችሁ። በዚያች ቅጽበት በሦስቱ ቡድኖች መካከል የነበረው ልዩነት ጠፋ። ቅጣቱን ያዩት ልጆች ድርጊቶቹን የሌሎቹን ያህል ያውቋቸው ነበር። መጀመሪያ ላይ ከወንዶቹ በጣም ያነሰ ያሳዩት ሴቶቹም ሊደርሱባቸው ትንሽ ቀራቸው። ቅጣቱ ትምህርቱን አላጠፋውም። እንዲደበቅ ብቻ ነው ያደረገው፣ ልክ አገዳዋ ከጀርባ እንደተደበቀችው።

አሁን እስቲ ወደ ሀገራችን እንመለስ፤ ያ ጥናት በታተመበት ዓመት ሰሞን ከቤተ ሙከራ የሰፋ ነገር እዚህ ተጀምሮ ነበር። በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ተደረገ። የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ይባል ነበር። አብዛኞቹ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ሆኑ። የታሰበው የመምህር እጥረቱን እንዲያቃልሉና ልጆቹ የከተማውን ምሁር አርአያ እንዲያደርጉ ነው። ልጆቹም አደረጉ። በዚያው ዓመት የካቲት 18 ቀን «መሬት ለአራሹ» ብለው አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ የወጡት ግን የእነዚሁ መምህራን ጓደኞች ነበሩ። መምህሩ ጥቁር ሰሌዳው ላይ አልጀብራ ይጽፋል፤ ተማሪው ደግሞ ሰውየው ከባለሥልጣን ጋር እንዴት እንደሚነጋገር፣ ምን እንደሚያነብ፣ ሲያስፈራሩት ምን እንደሚያደርግ ያያል።

ከዚያ በኋላ ለዓመታት የታየው ቅጣት ነው። መታገድ፣ መታሰር፣ በታኅሣሥ 1962 ደግሞ የተማሪዎች መሪ የነበረው ጥላሁን ግዛው መገደል። በአንደኛው ስሌት የጠቅላይ ግዛቱ ልጅ ይህን አይቶ መተው ነበረበት። ብዙው ዝም አለ። ዝምታው ግን እንደ አሥሩ ደቂቃ ዝምታ ነበር። በየካቲት 1966 መምህራኑ ራሳቸው የትምህርት ዘርፍ ጥናቱን ተቃውመው ሥራ አቆሙ፣ ተማሪዎችም አብረው ወጡ። በቀናት ውስጥ መንግሥት የነዳጅ ዋጋ ቀነሰ፣ ጥናቱንም አዘገየ። የፊልሙ መጨረሻ በሕዝብ ፊት ተቀየረ፤ እምቢ ያለው ሰው ከረሜላ ሲሰጠው ታየ። ከዚያ በኋላ የሥራ ማቆም አድማው በየመሥሪያ ቤቱ ተዛመተ።

አብዮቱን መምህር አመጣው እያልን አይደለም። ረሃብ ነበር፣ የኑሮ ውድነት ነበር፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ሥራ ያጣ ነበር፣ ወታደሩም የራሱ ብሶት ነበረው። የባንዱራ ሙከራም ገደብ አለው፤ ቦቦ ለመመታት የተሠራ አሻንጉሊት ነው፣ አሻንጉሊት መምታትና ሰው መምታት አንድ አይደሉም ብለው የተቹት አሉ። ሁሉም ያየ ሁሉ አያደርግም። ልጅ አንድን ነገር ለመኮረጅ አስተውሎ ማየት፣ ማስታወስ፣ ለማድረግ አቅም ማግኘት፣ በመጨረሻም ምክንያት ማግኘት አለበት። መምህር ሊቆጣጠረው የሚሞክረው አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻውን ብቻ ነው።

ስለዚህ ነው ጸጥ ያለ ክፍል ብዙ የማይነግረን። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጅ በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት አለው። ዱላው ግን ዛሬም በየክፍሉ አለ፤ የሚከራከሩለትም «እየሠራ ነው» ይላሉ። ይሠራል፣ መምህሩ ክፍል ውስጥ እስካሉ። ምን እንደተማሩ ማወቅ የሚፈልግ ግን በእረፍት ሰዓት ሜዳው ላይ፣ ትልቁ ታናሹን ተራ ሲያስጠብቅ ምን እንደሚያደርግ ይመልከት። ወይም ቅዳሜ።

የአብደራፊዋን ልጅ ከመሄዳችን በፊት አናገርናት። ለምን መታሽው አልናት። «ስለ ዘገየ።» ቲቸርሽም እንዲህ ያደርጋሉ? ሳቀች፣ ወደ መንገዱ አየት አደረገች። ከዚያ ትንሹ ልጅ ቀድሟት መለሰ፤ «ነገ ቲቸር እኔ ነኝ» አለን።