የ2012ቱ ፋሲካና የሽሮ ሜዳ ነጋዴ

የሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ ንግድ የሚሄደው በጾምና በሠርግ አቆጣጠር ነው። በዐቢይ ጾም ሠርግ የለም፤ ነጋዴዋ ግን ገንዘቧን የምታወጣው በዚያን ጊዜ ነው። ድርና ማግ ገዝታ ለሸማኔ ትሰጣለች፣ ጥለት ታሠራለች፣ ለሰፊ ትከፍላለች። ከፋሲካ በኋላ ሚያዝያና ግንቦት የሠርግ ወራት ስለሆኑ የወጣው ብር ያኔ ይመለሳል። የ2012 ዓ.ም. መከራ እንዲያ የከበደው ብሩ ወጥቶ ገና ባልተመለሰበት ሰዓት ስለመጣ ነው።

በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነበር፤ ጾሙ ገና ሦስተኛ ሳምንቱ ላይ ነው። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብም ተከለከለ። ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 11 ቀን ነው። ድንኳን ካልተተከለ ሚዜም የለም፣ ለሚዜ የሚገዛ ቀሚስም የለም። ቀሚሱ ተሰፍቶ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ።

የአንዲት ነጋዴን ሒሳብ በምሳሌ እንየው። በእጇ የነበረው ብር በሙሉ ልብስ ሆኗል። ለክር ዱቤ አለባት፣ ዕቁቡም ሳምንት እየጠበቀ ይመጣል። ከሁሉ የሚያስጨንቀው ከሙሽሮች የተቀበለችው ቀብድ ነው፤ ያ ብር ለሸማኔ ተከፍሎ አልቋል። ቀሚሱን በግማሽ ዋጋ ብትሸጥስ? ሠርግ በሌለበት በግማሽ ዋጋም ገዢ አይገኝም፤ ዋጋው አንዴ ከወረደ ደግሞ ገበያው ሲመለስ ከፍ ማድረግ ያስቸግራል። ስለዚህ ጥለት ያለውን ሁሉ ከብል እንዲድን አጥፋ አስቀመጠች። ሙሽሮቹንም ሠርጉ ሲደረግ ልብሱን እንዲወስዱ እንጂ ቀብዱን እንዳይጠይቁ ለምና አስማማች።

የሚሸጥ ነገር ግን ያስፈልጋታል። አዋጁ በገበያና በታክሲ አፍና አፍንጫን መሸፈን ግዴታ አደረገ። ብዙ እናቶች በነጠላቸው ጫፍ ቢሸፍኑም፣ ለልጅና ለሠራተኛ ጭንብል ያስፈልግ ነበር። የስፌት መኪናና መቀስ አላት፤ ከመንገዱ ዳር የምትቀመጥበትም ቦታ አላት። አዲስ የገዛችው አቡጀዲና ላስቲክ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ የጨርቁ ነገር ነው። በእጅ የተሸመነ ስስ ነጠላ ለብርሃን ሲያዙት በክሮቹ መካከል ያሳያል፤ ብርሃን የሚያሳልፍ ጨርቅ የምራቅ ፍንጣቂም ያሳልፋል። የዓለም ጤና ድርጅትም ግንቦት 28 ቀን ባወጣው ምክር የጨርቅ ጭንብል ሦስት ድርብ እንዲሆን አለ።

ድርቡ ሒሳቡን ይለውጠዋል። ወርዱ 90 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንድ ሜትር አቡጀዲ በ20 በ20 ሲቆረጥ 20 ቁራጭ ይወጣዋል። በሁለት ድርብ 10 ጭንብል ይሆናል፤ በሦስት ድርብ ግን 6 ብቻ ሆኖ ሁለት ቁራጭ ይተርፋል። ሜትሩን 60 ብር፣ ለአንዱ ጭንብል ላስቲክና ክር 5 ብር እንበል። ባለሦስቱ ድርብ አንዱ 15 ብር ይፈጃል፣ ባለሁለቱ 11 ብር። ሁለቱም በ20 ብር ቢሸጡ ከአንድ ሜትር ባለሦስቱ 30 ብር ያስገኛል፣ ባለሁለቱ 90 ብር። ፈተናው ይህ ነው፤ ገዢው ውስጡን ቆጥሮ አያይም። ነጋዴያችን ሦስቱን መረጠች፤ ገዢዋ የሰፈር ሰው ስለሆነ አንድ ጊዜ አጥቦ ሲሳሳበት ዳግመኛ አይመጣላትም። የጎደለውን ትርፍ በከፊል ያካካሰችው በላስቲኩ ነው። ከተረፉት ቁራጮችና ከጨርቁ ጠርዝ ማሰሪያ እየሰፋች የላስቲኩን ወጪ ቀነሰች።

የጭንብል ሥራ ለማንም ቀላል ስለሆነ ሻጩ በየመንገዱ በዛ። ዋጋው ከ20 ወደ 15 ብር ሲወርድ ከወጪዋ ጋር እኩል ሆነ፤ የድካሟ ዋጋ ደግሞ ገና አልተቆጠረም። ማቆሚያው ምልክት ይህ ነበር። አዲስ አቡጀዲ መግዛቷን ትታ የቀረውን ብቻ ሰፍታ ጨረሰች።

ጭንብሉ ሀብታም አላደረጋትም። የሠራላት ሁለት ነገር ነው፤ ዕቁቧ ሳይቋረጥ ቆየ፣ ቀሚሶቿም በርካሽ አልተሸጡም። አምስት ወር የተባለው የአዋጁ ጊዜ አልቆ ሰው ጥቂት በጥቂት መደገስ ሲጀምር፣ በጾሙ የተሸመነው ልብስ ጥለቱ ሳይደበዝዝ በእጇ ነበር። ቀብድ የሰጡት ሙሽሮችም ልብሳቸውን ሊወስዱ መጡ።