ቁርጥ አገልግሎት

በውጭ ያሉ የርቀት ሠራተኞች «ፕሮዳክታይዝድ ሰርቪስ» የሚሉት አሠራር አለ። ገበያችን «ቁርጥ ዋጋ» እንደሚል፣ «ቁርጥ አገልግሎት» ብንለው የሚገልጸው ይመስለኛል። ሎጎ የሚሠራም ሆነ ኮድ የሚጽፍ ሰው የታዘዘውን ሁሉ ከመሥራት ይልቅ አንድ ሥራ ይመርጣል። ምን እንደሚቀበል፣ ምን እንደሚያስረክብ፣ በስንት ቀንና በስንት ብር እንደሚጨርስ አስቀድሞ ይናገራል።

ለምሳሌ፣ የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ጉብሬ በመሆኑ እዚያ ኤክሴል የሚችል ወጣት አይጠፋም። ደንበኛው ግን መርካቶ ነው። በዱቤ የሚያከፋፍል ነጋዴ የወሩን መዝገብ በቴሌግራም ይልካል፤ ወጣቱ ማን ስንት እንዳለበትና ዱቤው ስንት ቀን እንደሆነው ለይቶ ይመልሳል። ይህ እስከ 300 መስመር፣ በሦስት ቀን፣ በ2,400 ብር ይሠራል እንበል።

ሥራው ቀላል የሚመስለው ቀኑን እስኪነኩት ነው። ነጋዴው የሚጽፈው በእኛ አቆጣጠር ሲሆን ኤክሴል የሚያውቀው የፈረንጁን ነው። ቀን ቀድሞ በሚጻፍበት ኤክሴል ጥቅምት 30 ቀን 2017፣ ማለትም 30/2/2017፣ ቀን መሆኑ ቀርቶ ተራ ጽሑፍ ይሆናል፤ ፌብሩዋሪ 30 የለውምና። እንዲህ ያሉት ስንት እንደሆኑ የሚከተለው ይነግራል፤ ውጤቱ ዜሮ ካልሆነ ችግር አለ።

```
=COUNTA(A2:A301)-COUNT(A2:A301)
```

የከፋው ግን ዝም ብሎ የሚያልፈው ስሕተት ነው። ጥቅምት 25 የተሸጠ ኅዳር 5 ቢከፈል 10 ቀን ነው፤ ኤክሴል ግን ከፌብሩዋሪ 25 እስከ ማርች 5 ቆጥሮ 8 ይላል። ስለዚህ ቀኑና ወሩ በየራሳቸው ዓምድ ይገባሉ። የሽያጩ ቀንና ወር ኤ እና ቢ፣ የክፍያው ሲ እና ዲ ላይ ከሆኑ፣ ከጳጉሜን በቀር ወሮቻችን እኩል 30 ቀን ስለሆኑ በአንድ ዓመት ውስጥ ስሌቱ ይህ ነው፦

```
=(D2-B2)*30+(C2-A2)
```

ዓመት ከተሻገረ 365 ይደመራል፤ የሽያጩ ዓመት ጳጉሜን 6 ቀን ካላት 366።

አገልግሎቱ ቁርጥነቱን የሚያጣው «ይቺን ብቻ ጨምርልኝ» ሲመጣ ነው። ስምንት ሰዓት የሚፈጀው ሥራ በሰዓት 300 ብር ያስገኛል። የመጋዘን ቆጠራና የሠራተኛ ደመወዝ ታክለውበት 16 ሰዓት ከሆነ ወደ 150 ይወርዳል። ደንበኛው ጋሼ የሚባል የአገር ሰው ሲሆን እምቢ ማለት ይከብዳል። የሚያዋጣው «እሺ ጋሼ፣ እሱን ለብቻው በዚህን ያህል እሠራዋለሁ» ብሎ ሥራው ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ መላክ ነው።

ለግብር የሚቀርብ ሒሳብ ከዚህ ውጭ መሆኑም እዚያው ይጻፍ፤ እሱ ፈቃድ ያለው የሒሳብ ባለሙያ ሥራ ነው።