ስውር መገለጫ፦ ሾርትከት ቫይረስ የሚደብቃቸው ፋይሎች

በኮምፒውተር ላይ የተቀመጠ ማንኛውም ፋይል ወይም ፎልደር ከስሙና ከይዘቱ ሌላ ስለ ራሱ የሚናገሩ ጥቃቅን ምልክቶች አሉት። በእንግሊዝኛ አትሪቢዩት የሚባለው ይህ ምልክት በዚህ ጽሑፍ «መገለጫ» ተብሏል። ዊንዶውስ በብዛት የሚጠቀምባቸው መገለጫዎች አራት ሲሆኑ እያንዳንዳቸው በአንድ ፊደል ይታወቃሉ። `R` ፋይሉ ለንባብ ብቻ መሆኑን፣ `A` በመጠባበቂያ ቅጂ ገና ያልተያዘ መሆኑን፣ `H` ስውር መሆኑን፣ `S` ደግሞ የሲስተሙ ንብረት መሆኑን ያመለክታሉ። ለዚህ ጉዳይ የሚያስፈልጉት የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ናቸው።

አንድ ፍላሽ በተለምዶ በሚዘጋጅበት በፋት 32 አሠራር እያንዳንዱ ፋይል 32 ባይት ስፋት ያለው መዝገብ አለው፤ መገለጫዎቹ በሙሉ የሚቀመጡት ከእነዚህ ባይቶች በአንዷ ላይ ነው። የአንድ ተራ ፎልደር መገለጫ ቁጥሩ 16 ነው። ስውርነት 2፣ የሲስተም ንብረትነት 4 ሲጨምሩበት 22 ይሆናል፤ ፎልደሩም ከዓይን ይሰወራል። በውስጡ ካለው ሰነድና ፎቶ አንዲት ነጥብ እንኳ አልተነካችም። በተለምዶ ሾርትከት ቫይረስ የሚባለው ተንኮለኛ ፕሮግራም የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ እውነተኛዎቹን ፋይሎችና ፎልደሮች ይሰውርና በየስማቸው ሾርትከት፣ ማለትም ወደ ሌላ ነገር የሚመራ አቋራጭ ያስቀምጣል።

ዘዴው የተስፋፋበት ምክንያት አለው። ቀድሞ ፍላሽ ሲሰካ በውስጡ ያለ ፕሮግራም በራሱ እንዲነሣ ዊንዶውስ ይፈቅድ ነበር። ይህ በር በዊንዶውስ 7 ተዘጋ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 መጀመሪያም ለኤክስፒና ለቪስታ በማሻሻያ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ተንኮለኛው ፕሮግራም የሚነሣው ሰው ሲጫነው ነው፤ ሰው ደግሞ የሚጫነው የራሱን ፎልደር ነው። ስለዚህ አቋራጩ ሲከፈት ሁለት ሥራ አብሮ ይሠራል፤ የተደበቀውን ስክሪፕት ያስነሣል፣ የተፈለገውንም ፎልደር ይከፍታል። ባለቤቱ ሰነዱን ስላገኘ አይጠረጥርም። `Jenxcus` በሚል ስም የሚታወቀው የስክሪፕት ትል ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ `wscript.exe` በተባለው የዊንዶውስ ፕሮግራም እየሠራ አዲስ በተሰካ ፍላሽ ላይ ራሱን ይገለብጣል።

ፍላሽ መያዙን ማወቅ አስቸጋሪ አይደለም። የፎልደሮቹ ምስል ጥግ ላይ ትንሽ የታጠፈች ቀስት ትታያለች፣ መጠናቸውም አንድና ሁለት ኪሎ ባይት ብቻ ይሆናል። በቀኝ አዝራር ተጭኖ `Properties` ሲከፈት ደግሞ `Target` በሚለው ቦታ የፎልደሩ አድራሻ ሳይሆን `cmd.exe` ወይም `wscript.exe` ይነበባል። ከሁሉ የሚበልጠው ምልክት ግን የተያዘው ቦታ ነው። ለምሳሌ በ16 ጊጋ ባይት ፍላሽ ላይ ጥቂት አቋራጮች ብቻ እየታዩ የተያዘው ቦታ 3 ጊጋ ባይት ከሆነ ፋይሎቹ አሉ ማለት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተደናግጦ ፍላሹን ፎርማት ያደርጋል፤ ያልጠፋውን ንብረት የሚያጠፋው ያኔ ነው።

ሌላም አሳሳች ነገር አለ። ጸረ ቫይረስ ፍላሹን ሲያጸዳ ስክሪፕቱንና አቋራጮቹን ያስወግዳል፤ የፋይሎቹን መገለጫ ግን ብዙውን ጊዜ እንደነበረ ይተወዋል። ውጤቱም ባዶ የሚመስል ፍላሽ ነው። ባለቤቱ «ጸረ ቫይረሱ ፋይሌን በላው» ይላል፤ ሆኖም የተሰወረው ገና አልተገለጠም እንጂ የጠፋ ነገር የለም።

ፋይሎቹን ከመግለጥ በፊት የሚሠራበት ኮምፒውተር ንጹሕ መሆን አለበት። ስክሪፕቱ በኮምፒውተሩ ላይ እየሠራ ከሆነ የተገለጠውን ወዲያው መልሶ ይሰውራል፤ ትእዛዙ «አልሠራም» የሚባለውም አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። `Task Manager` ተከፍቶ `wscript.exe` ያለ ምክንያት ሲሠራ ከታየ ይቁም፤ ከኮምፒውተሩ ጋር አብረው የሚነሡት ፕሮግራሞች ዝርዝርም ይታይ። ከዚያ ኮምፒውተሩና ፍላሹ በታደሰ ጸረ ቫይረስ ሙሉ ፍተሻ ይደረግላቸው።

ቀጥሎ የፍላሹ ፊደል ይረጋገጣል። እዚህ `E:` ነው እንበል። ፍላሹን በእጥፍ ጠቅታ መክፈት አያስፈልግም፤ `Command Prompt` ላይ ይህ ሲጻፍ ስውሩም ግልጡም ይዘረዘራል፦

```
dir /a E:\
```

በዝርዝሩ ውስጥ የጠፋው ፎልደር ስም `<DIR>` ከሚል ምልክት ጋር፣ ያልተወገደ አቋራጭ ካለም የእሱ ስም `.lnk` በሚል ቅጥያ ጎን ለጎን ይገኛሉ። እውነተኛው መኖሩ ከታየ በኋላ መገለጫው ይነሣል፦

```
attrib -h -s -r /s /d E:\*.*
```

የመቀነስ ምልክቱ መገለጫውን ያነሣል፤ `/s` በንዑስ ፎልደሮች ውስጥ ያሉትን ይጨምራል፤ `/d` ደግሞ ትእዛዙ ፎልደሮቹንም እንዲነካ ያደርጋል። `-h` ብቻውን አይበቃም፤ `S` ካልተነሣ ትእዛዙ `Not resetting system file` ብሎ ያልፈዋል። በ`Properties` ውስጥ `Hidden` የሚለው ሣጥን ደብዝዞ አልነካም የሚለውም በዚሁ `S` ምክንያት ነው። ይህ ትእዛዝ በ`C:` ላይ ፈጽሞ አይሰጥም፤ ዊንዶውስ ሆን ብሎ የሰወራቸውን የራሱን ፋይሎች አጋልጦ ለስሕተት ይዳርጋል።

ትእዛዙ ወዳጅና ጠላት አይለይም። ሰነዱን ሲገልጥ በ`.vbs` ወይም በ`.js` የሚያልቅ ያልተወገደ ስክሪፕት ካለም አብሮ ይገልጣል። ስለዚህ የፋይል ቅጥያ እንዲታይ ተደርጎ እያንዳንዱ ይመርመር፤ የፎልደር ምስል ለብሶ በ`.exe` የሚያልቅ ነገር ፎልደር አይደለም። `System Volume Information` የዊንዶውስ የራሱ ስለሆነ ይተው። አንዳንድ ጊዜ ስም የሌለው የሚመስል ፎልደር ብቅ ይላል፤ ስሙ የማይታይ ባዶ ፊደል ነው። አንዳንድ ዓይነት ቫይረሶች ሁሉንም ንብረት ሰብስበው የሚከቱት በዚያ ውስጥ በመሆኑ ሳይታይ አይሰረዝ።

ከዚያ ሰነዶችና ፎቶዎች ብቻ ተመርጠው ወደ ኮምፒውተሩ ይገለበጣሉ፤ አቋራጭ፣ ስክሪፕትና የማይታወቅ ፕሮግራም አይገለበጥም። ከቅጂው ሁለት ሦስት ፋይል ተከፍቶ ከታየ በኋላ ፍላሹን ፎርማት ማድረግ ይቻላል፤ የፎርማት ጊዜው ይህ ነው። ንጹሕ የዊንዶውስ ኮምፒውተር ካልተገኘ ሊኑክስ የተጫነበት ማሽን ይበቃል። ሊኑክስ የ`H` እና የ`S` መገለጫን ለመደበቂያ ስለማይጠቀምበት ፋይሎቹ ያለ ምንም ትእዛዝ ይታያሉ፤ ለዊንዶውስ የተጻፈው ስክሪፕትም እዚያ አይነሣም።

`attrib` የሚቀይረው መገለጫን ብቻ ነው። ቫይረስ አያስወግድም፣ የተሰረዘ ፋይል አይመልስም፣ በቁልፍ የተመሰጠረንም አይፈታም። `dir /a` ፋይሉን ካላሳየና የተያዘው ቦታም ከቀነሰ ፋይሉ ተሰርዟል፤ ያኔ በፍላሹ ላይ ምንም ሳይጻፍበት በፋይል ማስመለሻ ፕሮግራም መሞከር ያስፈልጋል።