ጽሕፈተ ድምፅ (የተቀዳ ጉባኤ)

ጽሕፈተ ድምፅ፣ ኮምፒውተር የተቀዳን ንግግር ሰምቶ እያንዳንዱን ሐረግ ከተነገረበት ሰዓት ጋራ አያይዞ በፊደል የሚያሰፍርበት ሥራ ነው። በመስከረም 2015 ዓ.ም. ለሕዝብ የተለቀቀው ዊስፐር የተባለ መሣሪያ አማርኛን ከሚያውቃቸው ልሳናት አንዱ አድርጎ ቢቆጥርም፣ ቋንቋው ካልተነገረው የመጀመሪያዎቹን 30 ሰከንዶች ብቻ አዳምጦ ስለሚፈርድ፣ በዋሽንግተን ያሉ ማኅበርተኞች ጉባኤያቸውን በእንግሊዝኛ ሰላምታ ከፍተው ወደ አማርኛ ቢሻገሩ፣ የቀረውን ሁሉ እንደ እንግሊዝኛ ቆጥሮ ከማንም አፍ ያልወጣ ቃል ይደረድራል። ስለዚህ ቋንቋው በትእዛዙ ውስጥ ይሰየማል፦

```
whisper gubae.mp3 --model large --language am --output_format srt
```

የሚወጣው ፋይል በማንኛውም የጽሑፍ ማረሚያ ይከፈታል፤ አራሚው ቀረጻውን እያደመጠ ቃሉን ብቻ ያቀናል እንጂ `-->` ያለበትን የሰዓት መሥመር አይነካም፣ እርሱ ከተዛባ ጽሑፉ ከድምፁ ይለያልና። ጸጥታ በሰፈነበት ቦታ አንድ ሐረግ ተደጋግሞ ቢገኝ መሣሪያው ከራሱ ያመነጨው ስለሆነ ይሰረዛል። እጅግ አሳሳቹ ግን ዐይን የማይጠረጥረው ግድፈት ነው፤ «ሠረቀ» ፀሐይ ወጣ፣ «ሰረቀ» ግን የሰው ገንዘብ ወሰደ ማለት ሲሆን ሁለቱም ለጆሮ አንድ ናቸውና፣ መሣሪያው የመረጠውን ፊደል የሚዳኘው የዐረፍተ ነገሩን ምሥጢር የሚያውቅ አንባቢ ብቻ ነው። የሰውና የቦታ ስም ከጉባኤው አጀንዳ ጋራ ይመሳከራል፤ ተናጋሪው ማን እንደ ሆነም ፕሮግራሙ ስለማይለይ፣ በስብሰባው የነበረ ሰው የተናጋሪውን ስም በየንግግሩ ራስ ይጽፋል።