«ኤ ቢ ቴስት» ሲባል

ዩቲዩበሮቻችን «ኤ ቢ ቴስት ሠርቻለሁ» ሲሉ ብዙ ጊዜ የሚያወሩት ሌላ ነገር ነው። ሰኞ የለጠፉትን ተምኔል ሐሙስ ቀየሩት፣ እይታው ጨመረ፣ በቃ። ይህ መቀየር ይባላል። ሐሙስ በዓል ቢሆንስ? አንድ ሰው ቪዲዮውን ቴሌግራም ላይ አጋርቶት ቢሆንስ? ቃሉ የሚጠይቀው ሁለቱ ምስሎች በአንድ ጊዜ፣ በዕጣ ለተከፈሉ ተመልካቾች እንዲታዩ ነው። እኔ «ሙከራ» ከማለት «ማፎካከር» ብለው ደስ ይለኛል።

የዶሮ ወጥ ቪዲዮ አለን እንበል። «ኤ» ላይ ድስቱ ብቻ፣ «ቢ» ላይ ጭልፋ ይዛ የምትስቅ ሴት። እያንዳንዳቸው ለ1,000 ሰው ታይተው «ኤ»ን 40፣ «ቢ»ን 52 ሰው ከፈተው። አሸናፊው «ቢ» ነው ለማለት ያስቸኩላል። ግን ያው አንዱን ምስል ሁለት ጊዜ ብናሰልፈውም ይህን ያህል ልዩነት በአጋጣሚ ሊመጣ ይችላል። ለ10,000 ለ10,000 ሰው ታይተው 400 እና 520 ቢሆን ኖሮ አምን ነበር።

ደግሞ ክሊክ ብቻውን ያታልላል። ሳቋን አይቶ የገባው ሰው ሽንኩርቱ ሳይቁላላ ከወጣ ምን ዋጋ አለው? ዩቲዩብ ተምኔሎችን በሚያፎካክርበት መሣሪያው አሸናፊውን የሚለየው በክሊክ ብዛት ሳይሆን በእይታ ሰዓት ድርሻ የሆነው ለዚህ ነው። አንዳንዴ ታዲያ አሸናፊ አይኖርም፤ Inconclusive የሚል ጽሑፍ ይመጣል፤ በእኛ አባባል «አልለየለትም»። ተመልካቹ ጥቂት የሆነ ቻናል ይህን ጽሑፍ ደጋግሞ ቢያይ አይገርምም።