የአንድ ደቂቃ ማብራሪያ

የአንድ ደቂቃ ማብራሪያ ከመማሪያ መጽሐፍ የተወሰደን አንድ ከባድ ሐሳብ ለፈተና ለሚከልሱ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በ60 ሰከንድ ገደማ የሚያስረዳ አጭር ትምህርት ነው። የሚይዘው አንድ ሐሳብ፣ አንድ ምሳሌና አንድ መፈተኛ ጥያቄ ብቻ ነው።

== ምሳሌ፦ ሞል ==

የኬሚስትሪ መጽሐፍ ሞልን አብዛኛውን ጊዜ በአቮጋድሮ ቁጥር (6.022 × 10²³) ይተረጉማል። አጭሩ ማብራሪያ ግን ከደርዘን ይነሳል። አንድ ደርዘን እንቁላልም ሆነ አንድ ደርዘን ብርቱካን 12 ነው፤ ክብደታቸው ግን ይለያያል። እንዲሁም 1 ሞል ካርቦን 12 ግራም፣ 1 ሞል ውሃ 18 ግራም ይመዝናል፤ የቅንጣቶቻቸው ቁጥር ግን እኩል ነው። ስለዚህ 36 ግራም ውሃ 36 ÷ 18 = 2 ሞል ይሆናል።

ምሳሌው ገደብ አለው። እንቁላል በእጅ ይቆጠራል፤ አተሞች ግን እጅግ ጥቃቅን ስለሆኑ ቁጥራቸው የሚታወቀው በመመዘን ነው። ይህ ካልተነገረ ተማሪው ሞልን የክብደት መለኪያ አድርጎ ሊወስደው ይችላል።

== መፈተኛ ==

በመጨረሻ «ከ10 ግራም ካርቦንና ከ10 ግራም ውሃ ብዙ ቅንጣት ያለው የትኛው ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። መልሱ ካርቦን ነው፤ የካርቦን አተም ከውሃ ሞለኪውል ስለሚቀል በእኩል ክብደት ውስጥ በቁጥር ይበዛል። «እኩል ናቸው» ያለ ተማሪ ክብደትንና ቁጥርን ገና አልለየም።