ሥነ-ምህዳራዊ ግብርና እና መደበኛ ግብርና፦ በአፈር ለምነት አያያዝ ረገድ የሚቀርቡ ክርክሮች

መደበኛ ግብርና ምርትን ለማሳደግ በአብዛኛው በፋብሪካ ማዳበሪያ፣ በምርጥ ዘርና በፀረ-ተባይ ኬሚካል ይጠቀማል። ሥነ-ምህዳራዊ ግብርና በአንጻሩ በኮምፖስት፣ ሰብልን በማፈራረቅና እንስሳትን ከሰብል ልማት ጋር በማቀናጀት ላይ ይመሠረታል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ጎልቶ የሚታየው ሰብሉ ናይትሮጅን ከየት ያገኛል በሚለው ጥያቄ ላይ ነው።

አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን ይይዛል። ከደረቅ ክብደቱ 1 በመቶው ናይትሮጅን የሆነ ኮምፖስት ተመሳሳይ መጠን እንዲሰጥ 46 ኩንታል ደረቅ ኮምፖስት ያስፈልጋል። ግማሽ ክብደቱ እርጥበት ከሆነ ደግሞ ወደ ማሳው የሚጓጓዘው 92 ኩንታል ይሆናል። በተጨማሪም ሰብሉ በመጀመሪያው ዓመት የሚያገኘው ከዚህ ናይትሮጅን ከፊሉን ብቻ ነው። የመደበኛ ግብርና ደጋፊዎች ዋና መከራከሪያም ይኸው ነው፤ ፍጉ ኩበት ሆኖ በሚነድበት፣ ገለባውም ለከብት መኖ በሚውልበት አካባቢ ይህን ያህል ኮምፖስት ማዘጋጀት ለብዙ አርሶ አደሮች አዳጋች ነው።

የሥነ-ምህዳራዊ ግብርና ደጋፊዎች ንጽጽሩ በናይትሮጅን ብቻ መወሰን የለበትም ይላሉ። ኮምፖስት የአፈሩን ውኃ የመያዝ አቅም ያሻሽላል፤ ጠቀሜታውም ወደ ቀጣዩ የምርት ዘመን ይሻገራል። ባቄላን ከስንዴ ጋር ማፈራረቅም ናይትሮጅንን ከአየር ወስዶ አፈሩን ያበለጽጋል። ዩሪያ ግን ከውጭ በምንዛሪ የሚገዛ ነው፤ በአፈር ሳይሸፈን ሲበተን ከፊሉ በትነት ይባክናል፤ በተደጋጋሚ ሲጨመርም የአፈርን አሲዳማነት ያባብሳል። በትግራይ ክልል ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአርሶ አደሮች ማሳ በተካሄደ ንጽጽር፣ ኮምፖስት የተጨመረባቸው ማሳዎች ከፋብሪካ ማዳበሪያ ማሳዎች ያላነሰ ምርት ሰጥተዋል። ሆኖም ይህ ውጤት የኮምፖስት ግብዓትና የሰው ጉልበት በሌለበት ቦታ ይደገማል ብሎ መደምደም አይቻልም።

ሁለቱም አሠራሮች በአግባቡ ካልተተገበሩ ይከሽፋሉ። በሚገባ ያልበሰለ፣ ገለባ የበዛበት ኮምፖስት በአፈር ውስጥ ሲበሰብስ ለቡቃያው የሚሆነውን ናይትሮጅን ስለሚሻማ የታችኞቹ ቅጠሎች ቀድመው ቢጫ ይሆናሉ። የበሰለ ኮምፖስት ጥቁር ቡናማ ነው፤ የአፈር ሽታ አለው፤ ሲነካም አይሞቅም። የአፈሩ ፒኤች ከ5.5 በታች ሲሆን ደግሞ ከማዳበሪያ የሚገኘው ፎስፈረስ በአሉሚኒየምና በብረት ስለሚያዝ ሰብሉ በሚገባ አይጠቀምበትም። በዚህ ጊዜ የማዳበሪያውን መጠን ከመጨመር በፊት አፈሩን በግብርና ኖራ ማከም ያስፈልጋል።

በመሆኑም ለጥናታዊ ጽሑፍ የሚቀርብ ሚዛናዊ ክርክር አንዱን አሠራር በጅምላ ከመምረጥ ይልቅ የአፈሩን ዓይነት፣ የሚገኘውን የፍግና የሰብል ቅሪት መጠን፣ የሰው ጉልበትንና የማዳበሪያ ዋጋን መመዘን ይኖርበታል። ኮምፖስትን ከተመጠነ ዩሪያ ጋር አጣምሮ መጠቀምም ሦስተኛ አማራጭ ሆኖ መታየት ይገባዋል፤ አንዱ የሰብሉን የወቅቱን ፍላጎት ሲያሟላ ሌላው አፈሩን ለቀጣዩ ዘመን ያቆያልና።